አሥር ሰዓት ከሃምሳ አምስት

«ልቀቂው» አለ ውቤ።

ጤናዬ አልለቀቀችውም። አስቀድማ የበሳችውን የወረቀት ጥብጣብ ቴሌክሱ ላይ አጉርሳ፣ ጣቷን ከቁልፉ በላይ አንጠልጥላ፣ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች።

«ገና አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። አሥር ሰዓት ከሃምሳ አምስት ብለህ ጽፈህልኛል። ቀድሜ ብልከው ደግሞ የምትጮህብኝ አንተው ነህ፣ ጋሼ ሰንጠረዥ።»

ደቂቃው ሞላ። ጣቷ ወረደ። ጥብጣቡ እየተንቀጠቀጠ ገባ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ትዕዛዙ ወደ ለንደን ሄደ። ጤናዬ መዝገቧን ሳበችና የተላከበትን ሰዓት ጻፈች፤ 1655። የቴሌክስ መዝገብ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። በኛ አሥር ሰዓት ከሃምሳ አምስት ያልነው ስድስት ሰዓት ተደምሮበት 1655 ይሆናል።

መጋቢት 13 ቀን 1968 ዓ.ም. ነበር፣ ሰኞ። ቦታው አዲስ አበባ፣ የአንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ሦስተኛ ፎቅ።

ኮርፖሬሽኑ አክሲዮን የወረሰው ሳይፈልግ ነው። መንግሥት የግል ድርጅቶችን ሲወርስ ከአንዱ ካዝና ውስጥ የውጭ አገር ኩባንያ አክሲዮን ተገኘ። በለንደንም በኒው ዮርክም የሚሸጥ አክሲዮን ነው። ሶሻሊስት መሥሪያ ቤት በካፒታሊስት ገበያ አክሲዮን ይዞ መቀመጥ አይችልምና ይሸጥ ተባለ። ሚኒስቴሩ ግን አንድ ነገር አዘዘ፦ ለንደን ያለው ደላላ የሚሸጠው ሁለቱም ገበያዎች ክፍት በሆኑበት ሰዓት ብቻ፣ የኒው ዮርክን ዋጋ አይቶ፣ ከተቆረጠው ዋጋ በታች ሳይወርድ። አንዱን ገበያ ብቻ አይተው አታለሉን እንዳይባል ነው።

ታዲያ ሁለቱ ገበያዎች አብረው ክፍት የሚሆኑት መቼ ነው? ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ውቤ።

ውቤ የጂንካ ልጅ ነው። አባቱ ከሰሜን መጥተው ጂንካ የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ ሞተዋል። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ጨው፣ አቡጀዲና ጨሌ እየቸረቸሩ አሳደጉት። ማክሰኞ አልዱባ፣ ቅዳሜ ጂንካ። ልጁ ከመቁጠር በፊት የተማረው የትኛው ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚውል ነው። አዲስ አበባ መጥቶ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ጨረሰ፣ ጸሐፊ ሆነ፣ ከዚያ የውጭ ንብረት ክፍል ሠራተኛ።

በ1967 አንድ ትልቅ ካርቶን ላይ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ሰንጠረዥ ሠራ። የሦስት ከተሞች ገበያ ሰዓት፣ ሁሉም ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ተመልሶ። ቶኪዮ ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ፣ ለምሳ ተዘግቶ ከጧቱ አንድ እስከ ሦስት። ቶኪዮ ከማንም ጋር አትገናኝም፤ የጻፋት ሰንጠረዡ እንዲሞላ ነው። ለንደን በብርዳቸው ወራት ከቀኑ ስድስት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ተኩል። ኒው ዮርክ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሌሊቱ ስድስት። ሁለቱ የሚገናኙት እንግዲህ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ግማሽ ሰዓት። ያቺን ግማሽ ሰዓት በቀይ ቀባት።

ፈረንጆቹ ሙቀት ሲመጣ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ። እኛ አንገፋም። ስለዚህ በሙቀታቸው ወራት ሁሉም በእኛ ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ይላል፤ ለንደን አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይዘጋል፣ ኒው ዮርክ አሥራ አንድ ላይ ይከፈታል፣ ቀዩ ግማሽ ሰዓት ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ይሆናል።

የክፍሉ ኃላፊ ሰንጠረዡን አይቶ «ይህ ልጅ ፀሐይን አስሮ አመጣት» ብሎ ነበር። ውቤ ይህን ቃል ለእናቱ ጽፎላቸዋል።

እሑድ መጋቢት 12 ቀን እንግሊዝ ሰዓቷን ወደ ፊት ገፋች። ውቤ በሬዲዮ ሰማ። ሰኞ ጧት ቢሮ ገብቶ የሰንጠረዡን የብርድ መስመር በወረቀት ሸፈነና የሙቀቱን ገለጠ። ለለንደንም፣ ለኒው ዮርክም። ለጤናዬም «ትዕዛዙ አሥር ሰዓት ከሃምሳ አምስት ይላክ» ብሎ ጻፈላት፣ አሥራ አንድ ሲሆን ደላላው እጅ እንዲገባ።

የቴሌክሱ ደወል ለአሥራ አንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ጮኸ።

«ፈጠኑ» አለች ጤናዬ። ወረቀቱ እየወጣ አነበበችው። ቀድዳ ሰጠችው።

ደላላው በራሱ አገር ሰዓት የጻፈው አራት መስመር ነበር። ኒው ዮርክ ዛሬ የሚከፈተው በ1600 ነው። የኛ አዳራሽ በ1530 ይዘጋል። ሁለቱ አብረው ክፍት የሚሆኑበት ሰዓት የለም። ቅድመ ሁኔታውን ታነሣላችሁ?

ውቤ ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ገባው። አሜሪካ ሰዓቷን አልገፋችም። ባለፈው ዓመት ከእንግሊዝ ቀድማ በየካቲት ገፍታ ነበር፤ ሰንጠረዡን ሲሠራ ሁለቱም ዞረው ስላገኛቸው ሁሌም አብረው የሚዞሩ መስሎት ሁለቱን በአንድ መስመር አሰራቸው። ዘንድሮ አሜሪካ የምትገፋው ሚያዝያ 17 ነው። እስከዚያ አምስት ሳምንት ለንደን በአሥራ አንድ ተኩል ይዘጋል፣ ኒው ዮርክ በአሥራ ሁለት ይከፈታል። ቀይ የቀባት ግማሽ ሰዓት ሁለቱ በሮች የማይገናኙባት ግማሽ ሰዓት ሆናለች።

«ምን ልመልስላቸው?» አለች ጤናዬ።

ቅድመ ሁኔታውን የሚያነሣው ሚኒስቴሩ ነው። ውቤ ስልክ መታ። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ የሚያነሣ የለም። ለንደን ተዘጋ።

ማክሰኞ ገበያው ሲከፈት ዋጋው ከተቆረጠው በታች ወርዶ ነበር። ረቡዕ ሚኒስቴሩ ለምን አልተሸጠም ብሎ ጠየቀ። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ውቤ ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ ክፍሉ ባዶ ሳለ፣ ሰንጠረዡን ከግድግዳው አውርዶ፣ አራት አጥፎ፣ ቤቱ ወስዶት ነበር። ለምን እንዳወረደው ራሱን አልጠየቀም። ሚስማሮቹ ግድግዳው ላይ ቀርተዋል።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ገብረወልድ ይባላል። ከንብረት ክፍል በሠራተኞች የተመረጠ፣ ሐቀኛ የሚባል ሰው። ሁለት ወረቀት ፊቱ ዘረጋ፤ የጤናዬን መዝገብና የደላላውን መልስ። በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ጣት አኖረ።

«ይኸው ገበያው የሚከፈተው በ1600 ነው ይላል። ይኸው ደግሞ አንቺ የላክሽው በ1655። ሃምሳ አምስት ደቂቃ የት ነበርሽ?»

ጤናዬ መጀመሪያ የቀለደባት መሰላት። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንዱ የለንደን ሰዓት ነው፣ አንዱ የአዲስ አበባ። የለንደን 1600 በእኛ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ከዚያ በፊት ነው የላክሁት።»

«አሥራ ስድስት አሥራ ሁለት ሆነ?»

«በእኛ አቆጣጠር፣ አዎ።»

«ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል በይና!»

ኮሚቴው ሳቀ። አንዱ አባል «በኢምፔሪያሊስት አገር ታሪክም ወደ ኋላ ነው የሚሄደው» አለና ሳቁ ጨመረ። ጤናዬ አልሳቀችም። ወደ ውቤ ዞረች።

«አንተ ንገራቸው እንጂ! ሰንጠረዡን አምጣላቸው። በሰንጠረዡ ነው የሠራሁት።»

ጓድ ገብረወልድም ወደ ውቤ ዞረ። ባለሙያው እሱ ነው። «ጓድ ውቤ፣ ነገር አናብዛ። 1655 ከ1600 በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ውቤ አፉን ከፈተ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። የመጀመሪያው ቃል «ሰንጠረዡ» ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሙ ነው። በዚያ ወር አሻጥር የሚል ቃል በየቢሮው ኮሪደር ይዞር ነበር።

«በኋላ ነው» አለ።

እንደ ቁጥር ውሸት አልነበረም።

ጤናዬ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እስከ ስብሰባው መጨረሻ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋን ጥፋቷን እንደ ማመን ቆጠሩባት። አሻጥር አይደለም፣ ቸልተኝነት ነው ተብሎ ተወሰነ፤ ደመወዟ ሳይነካ ወደ ጠረፍ ትዛወር ተባለ። ጌለብና ሐመር ባኮ አውራጃ አስተዳደር የጽሕፈት መኪና የሚያውቅ ሰው ጠይቆ ነበር።

«ጂንካ ማለት ነው» አለ ጓድ ገብረወልድ ቃለ ጉባኤውን እየፈረመ። ደስ ብሎት ለውቤ ፈገግ አለ። «ያንተ አገር አይደል? ሰው አታጣም።»

ውቤ በዚያው ሳምንት ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ፦ ጤናዬ የምትባል ጥሩ ልጅ ትመጣለች፣ እንደ እኔ ተቀበያት። ደብዳቤውን ለጤናዬ ሊሰጣት ቴሌክስ ክፍል ሄደ። መሳቢያዋን እየጠረገች ነበር። ተቀበለችው። አላመሰገነችውም፣ አልሰደበችውም።

ወይዘሮ አስካለ መጻፍ አይችሉም። ድሮ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው አንድ ጎረቤት ነበር፤ በዓመት አንዴ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ። ከ1968 ክረምት ጀምሮ ግን በየወሩ ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ። ውቤ ፖስታውን ሳይከፍተው እጅ ጽሑፉን ያውቀዋል።

«ለምወድህ ልጄ ለውቤ፤ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጤናዬ ከኔ ጋር ናት። ዝናቡ ገብቷል። ጨው ተወዷል። ጤናዬ የቤቱን ክዳን አሳድሳልኛለች። ልጅ ሰጠኸኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ።»

ይህን ሁሉ የጻፈችው ጤናዬ ናት፤ በገዛ እጇ ነው «ልጅ ሰጠኸኝ» ብላ የጻፈችለት። እናቱ ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ከእናቱ ስም በታች ግን በየደብዳቤው ግርጌ የእናቱ ያልሆነ አንድ መስመር ነበር፦

«ከቀኑ 10፡55 ተጻፈ።»

መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለው። ሁለተኛው ደብዳቤም 10፡55። ሦስተኛውም። ወደ ሦስት ዓመት፣ ሠላሳ አራት ደብዳቤ፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት። ውቤ ከአሥረኛው በኋላ ግርጌውን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ ማንበብ ለመደ። ክፍሉ ውስጥ ዕድገት አገኘ። አዲስ ሰንጠረዥ ሠራ፤ በዚህኛው ለንደንና ኒው ዮርክ የየራሳቸው መስመር አላቸው፣ አምስቱ ሳምንት በጥቁር ተሰምሮባቸዋል። ኃላፊው «አሁንስ ፍጹም ሆነ» አለው። የድሮውን ግን አልጣለውም። አልጋው ሥር ሻንጣ ውስጥ አለ።

በግንቦት 1971 አንድ ደብዳቤ «እግሬን ወድቄ ተሰብሬአለሁ፤ ባይህ ደስ ይለኛል» ይል ነበር። ውቤ ፈቃድ ወሰደ። ሻንጣውን ሲያዘጋጅ የታጠፈውን ካርቶን ከሸሚዞቹ ሥር ከተተው። በመንገድ ሙሉ የሚናገረውን አጠና።

ጂንካ ላይ ዳኮታ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ አንዴ ዞረ፤ ዘበኞቹ ከብቱን ከሜዳው እስኪያባርሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሃል ነው፤ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ውቤ ወርዶ ሻንጣውን አንሥቶ ሜዳውን በእግሩ አቋርጦ እናቱ ደጅ ደረሰ።

ጤናዬ በር ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች፤ ፀሐይ መትቷታል። «እንኳን ደህና መጣህ» አለችና ሻንጣውን ተቀበለችው።

እናቱ መደብ ላይ ትራስ ተደግፈው፣ እግራቸው በወጌሻ ታስሮ ተቀምጠዋል። ስመው አልጠገቡትም። ማታ ራት ሲቀርብ፣ ሦስቱ ባንድ ትሪ ዙሪያ ሆነው፣ ጨዋታው ስለ ገበያ ሆነ።

«እግሬ ከተሰበረ ወዲህ አልዱባን የምትሄድልኝ እሷ ናት» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ቢሮ ፈቃድ ጠይቃ። ያገሬውን ቋንቋ ካንተ ይልቅ ለምዳለች፤ በዓሪኛ ስትከራከር ብታያት! ውብዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። ይቺ ልጅ ለምን ወደዚህ እንደላኳት ነግራኛለች።»

ውቤ የያዘው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። ጤናዬ ቀና አላለችም።

«ፈረንጅ አገር ሁለት ገበያ አለ አሉ፤ አንዱ ሳይፈታ አንዱ ይቆማል። አንደኛው የሚቆምበትን ሰዓት ለወጠ፣ ሌላኛው አልለወጠም። አንድ የቢሮ ሰው ሁለቱም የለወጡ መስሎት በማይገናኙበት ሰዓት ላኪ አላት። ላከች። ከዚያ ያ ሰው ሲጠየቅ ዝም አለ።»

«እትዬ፣ ራት ይብላ እንጂ» አለች ጤናዬ።

«ይበላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ። ገበያው የሚውልበትን ቀን ስቶ ጨው የጫነ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም አንዴ በዓል መሆኑን ረስቼ አልዱባን ባዶ አግኝቻታለሁ። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ከባዶው ገበያ ወጥቶ አህያዋን መግረፉ ነው።»

«እኔን አህያ አደረጉኝ?» አለች ጤናዬ፤ ሳቀች።

«አህያ ብትሆኚማ እሸጥሽ ነበር» አሉና እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስሙን ብላት አትነግረኝም። አንድ ቢሮ ነበራችሁ። ማን ነው እሱ? ታውቀዋለህ?»

አጥንቶት የመጣው ሁሉ አፉ ውስጥ ነበር። ሻንጣው ከመደቡ ሥር፣ እጁን ቢሰድ ይደርስበታል። ጤናዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ ያኔ ኮሚቴው ፊት እንዳየችው።

«አላውቀውም» አለ።

እናቱ «እግዚአብሔር ያውቀዋል» አሉና ወጥ ጨለፉለት።

አውሮፕላኑ የሚመለሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ሦስቱን ቀን ውቤ እንጨት ፈለጠ፣ አጥር አጠረ፣ እናቱን ደግፎ ወደ ደጅ አወጣ አስገባ። በአራተኛው ቀን ጧት ጤናዬ ሻንጣውን ይዛ እስከ ሜዳው ሸኘችው። ዳኮታው ገና አልመጣም። ሣሩ ውስጥ ቆሙ።

«ሰንጠረዡ እኔ ጋ ነው» አለ። «የድሮው። ይዤው መጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ። ሸሚዞችህን ሳጥብ አይቼዋለሁ።»

ውቤ መሬት አየ። «ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እኔ የተሳሳትኸውን በዚያው ቀን አውቄዋለሁ፤ የደላላውን ወረቀት መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ።» የሻንጣውን እጀታ ሰጠችው። «ፋይሌ ላይ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ዘገየች ተብሎ ተጽፏል። ውቤ፣ ስድስት ዓመት ቴሌክስ ሠርቻለሁ። አንድ ደቂቃ ዘግይቼ አላውቅም። ካርቶኑን ለሚመለከተው አሳየው።»

«እማዬስ?»

«እሳቸውን ለራስህ ተወው። ያንን እኔ አልጽፍልህም።»

ከላይ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ዘበኞቹ ከብቱን ማባረር ጀመሩ።

ውቤ አዲስ አበባ በገባ በማግስቱ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፈ። 1600 የለንደን፣ 1655 የአዲስ አበባ መሆኑን፣ ትዕዛዙ ኒው ዮርክ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ቀድሞ መላኩን፣ ስሕተቱ የሰንጠረዡ መሆኑን፣ ሰንጠረዡ የእሱ መሆኑን። ካርቶኑን ዘርግቶ ከማመልከቻው ጋር አስገባ። ጓድ ገብረወልድ በሌላ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዷል፤ አዲሱ ሊቀመንበር ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ አስነበበው።

«ያኔ ተጠይቀህ ነበር?»

«ተጠይቄ ነበር።»

«ምን አልክ?»

«በኋላ ነው አልኩ።»

ሊቀመንበሩ ጻፈ።

ለእናቱ ግን አልጻፈም። የሚያነብላቸው ሰው ጤናዬ ነበረች።

ውሳኔው የወጣው በስምንት ወሩ ነው። ውቤ ከደረጃው ዝቅ ተደርጎ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረ። ጤናዬ መዛወሯ ተሽሮ ወደ ቀድሞ ሥራዋ እንድትመለስ ተጻፈላት፤ የካቲት 1972 በመጣው ዳኮታ ጂንካን ለቀቀች። ከዚያ በኋላ ከወይዘሮ አስካለ ለውቤ ደብዳቤ አልመጣም፤ በዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው የጎረቤቱ እንኳ።